ያላነበብኩት «አዎ»

ጋሼ የሚኖሩት ስዊድን፣ ሶደርማልም የሚባል ሰፈር ውስጥ፣ ሊፍት በሌለው አሮጌ ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። በወጣትነታቸው ለትምህርት መጥተው፣ የአፈር ባለሙያ ሆነው ሠርተው፣ ጡረታ ወጥተዋል። እኔ ከአዲስ አበባ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነበር። ሜርስታ አጠገብ ባለው የአውሮፕላን ማረፊያ መጋዘን ዕቃ እጭናለሁ፤ በተረፈኝ ሰዓት ግጥም እጽፋለሁ። ግጥምንም ኮምፒዩተርንም ማንም አላስተማረኝም። ሁለቱንም ነካክቼ ነው የተማርኩት፤ በሁለቱም እኮራ ነበር። ግጥሞቼን የሚያነቡልኝ ጋሼ ብቻ ነበሩ። «ይሄ ስንኝ ጫማው ጠቦታል» ይሉኛል። ደግሞ ልክ ናቸው።

በዚያ ክረምት አሮጌው ኮምፒዩተራቸው ተቃጠለ። ልጃቸው ለሥራ ዱባይ ደርሳ ስትመለስ አዲስ ላፕቶፕ ገዝታ አመጣችላቸው። ጋሼ በሦስተኛው ቀን ደወሉልኝ።

«ና እስቲ ገጣሚው። ፊደላችን ሰልሟል።»

ስደርስ ላፕቶፑ የወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተከፍቶ ነበር። ከላይ እስከ ታች ዐረብኛ ነው። ሁሌ ግራ ጥግ የማውቀው የ«ስታርት» ቁልፍ ቀኝ ጥግ ተቀምጧል፤ መስኮት መዝጊያው ምልክት ወደ ግራ ሄዷል። የኪቦርዱ ቁልፎች ላይ ዐረብኛና እንግሊዝኛ ታትሟል፤ የስዊድን ፊደሎች የሉም። እሱን ግን ጋሼ ከቁም ነገር አልቆጠሩትም። የጨነቃቸው መጽሐፋቸው ነበር።

ዐሥር ዓመት ሙሉ በአንድ የድሮ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራም የሕይወት ታሪካቸውን ሲጽፉ ኖረዋል። ምዕራፎቹ ያሉት አንዲት ፍላሽ ዲስክ ላይ ብቻ ነው። ፕሮግራሙን ልጃቸው ጭናላቸዋለች፤ ፋይሎቹም ይከፈታሉ። ነገር ግን በአማርኛው ምትክ የሚወጣው የተበጣጠሰ የዐረብኛ ፊደል ነው።

«የቱን ልሞክር ጋሼ?»

«የወንድሜን ምዕራፍ። ዘጠኝ ገጽ ነው። ከሁሉም እሱን ነው የምፈራለት።»

ታናሽ ወንድማቸው በደርግ ጊዜ ተወስዶ እንደቀረ አውቃለሁ፤ ከዚያ በላይ አላውቅም። ፋይሉን በቀጥታ ከፍላሹ ከፈትኩት። በእውነትም ዘጠኝ ገጽ ዐረብኛ ነው። የፊደሉን ዓይነት ልቀይር ብዬ ጽሑፉን በሙሉ መረጥኩ፤ ብቀያይረውም ለውጥ የለም። ምናልባት ኪቦርዱ ይሆናል ብዬ፣ ጽሑፉ እንደተመረጠ ረስቼ፣ ሦስት ቁልፍ ነካሁ። ዘጠኙ ገጽ ጠፍቶ ሦስት ፊደል ቀረ።

«ምን አደረግህ?»

«ምንም አይደል ጋሼ። ሳላስቀምጥ እዘጋዋለሁ፣ እንደነበረ ይመለሳል።»

ዘጋሁት። ፕሮግራሙ በእንግሊዝኛ ጠየቀ፤ ለውጡ ይቀመጥ ወይ? ከሥር ሁለት ቁልፎች አሉ፤ የእነሱ ጽሑፍ ግን ዐረብኛ ነው። እኔ በማውቀው ኮምፒዩተር «አዎ» በግራ፣ «አይ» በቀኝ ነው። እዚህ ግን ሁሉም ነገር ተገልብጧል፤ እንግዲያው «አይ» በግራ ይሆናል ብዬ አሰብኩ።

«እርግጠኛ ነህ?» አሉ ጋሼ፣ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው።

«ይሄ ማሽን ግልብጥ ነው እኮ» አልኩና የግራውን ተጫንኩ።

መልሼ አልከፈትኩትም። ብከፍተውስ የማላነበውን ፊደል ምኑን ከምኑ እለየዋለሁ? ፍላሹን ነቅዬ ሰጠኋቸው፤ በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ሁለታችን ፔንደልቶግ በሚሉት የከተማ ዳር ባቡር ሶደርተልየ ከተማ ወረድን። እዚያ ከሶርያ የመጣ ኮምፒዩተር ጠጋኝ አለ፤ ዐረብኛ ያነባል፣ ስዊድንኛ ይናገራል። ሱቁ ከፀጉር ቤት ጋር ግድግዳ ይጋራል። ላፕቶፑን ከፍቶ አየና ሳቀብኝ።

«የማታነበውን ማሽን ትጠግናለህ? ጎበዝ ነህ!» ከዚያ ለጋሼ ወንበር ሳበላቸው። «አጎቴ፣ ይሄ አልታመመም። ሦስት የተለያየ ነገር ነው፤ አንዱን አልችለውም፣ ሁለቱን እችላለሁ።»

የማይችለው የምናሌዎቹን ቋንቋ ነበር። ይሄ ዊንዶውስ ቪስታ ርካሹ፣ የቤት ዓይነቱ ነው አለ፤ የምናሌውን ቋንቋ በሌላ ለመቀየር የሚፈቅደው ውዱ ዓይነት ነው። ኪቦርዱን ግን ወዲያው አስተካከለው፤ ስዊድንኛና እንግሊዝኛ ጨመረና፣ ግራ በኩል ያሉትን ኦልትና ሺፍት አንድ ላይ በመጫን ከአንዱ ወደ ሌላው መሻገር ለጋሼ አሳያቸው። የድሮው ፕሮግራም አማርኛውን የሚያወጣው ከእንግሊዝኛው ቁልፍ ስለሆነ፣ አማርኛ ሲጽፉ እንግሊዝኛው ላይ ይሁኑ አላቸው።

ከዚያ የአካባቢና የቋንቋ ማስተካከያውን ከፈተ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ አንድ መስመር በጣቱ እየተከተለ ወደ ስዊድንኛ ተረጎመልን። «ዩኒኮድን፣ የዓለም ፊደል ሁሉ የሚጻፍበትን አዲሱን ሥርዓት፣ ለማያውቁ ፕሮግራሞች የሚሆን ቋንቋ።»

«የእርስዎ ፕሮግራም አርጅቷል። ፋይሉ ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ቁጥሩ የማን ፊደል እንደሆነ የሚወስነው ይሄ መስመር ነው፤ እዚህ ዐረብኛ ተብሎለታል። ጽሑፍዎ አልተነካም።»

እንግሊዝኛ ብሎ ቀየረው። ማሽኑ ጠፍቶ እስኪነሳ ጋሼ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ ያዞሩ ነበር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ተከፈተ። አማርኛ! ጋሼ የገዛ ዓረፍተ ነገራቸውን ጮክ ብለው አነበቡ፤ ባለሱቁ ቃሉ ሳይገባው አጨበጨበ። ሁለተኛው ተከፈተ፣ ሦስተኛው፣ አራተኛው።

የወንድማቸውን ምዕራፍ ራሳቸው ጠቅ አደረጉት። ነጭ ገጽ ነው። ጥጉ ላይ ትርጉም የሌላቸው ሦስት ፊደላት።

እኔ አንድ ነገር ማረጋገጥ ነበረብኝ። አንድ ፊደል ጽፌ ፕሮግራሙን ዘጋሁት፤ ያ ጥያቄ ከነሁለት ቁልፉ መጣ።

«የግራው ምን ይላል?»

«ነዓም» አለ ባለሱቁ። «አዎ ማለት ነው።»

«አልተገለበጠም?»

«የተገለበጠው የዊንዶውሱ ነው። የድሮ ፕሮግራም መገልበጥ ምን ያውቃል? ቁልፉ ያለው እዚያው በቦታው ነው፤ ጽሑፉ ብቻ ነው ዐረብኛ የሆነው።» ከዚያ የሁለታችንን ፊት አየ። የጠፋ ፋይል በሚፈልግ ፕሮግራም ፍላሹን ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ምንም አልተገኘም።

ባቡር ውስጥ ጋሼ በመስኮት ሲያዩ ቆዩ። ይቅርታ ልል አፌን ስከፍት ቀደሙኝ።

«ቅዳሜ ና። እኔ እናገራለሁ፣ አንተ ትጽፋለህ።»

ቅዳሜ ሄድኩ። ምናሌው ዐረብኛ እንደሆነ ነው፤ ኪቦርዱን ወደ እንግሊዝኛ አሻግሬ ጠበቅሁ። ጋሼ መስኮቱ አጠገብ ቆመው ስለ ወንድማቸው ልጅነት ተናገሩ፤ ስለ ብስክሌቱ፣ ስለ ፉጨቱ። ለእሳቸው ይልከው ስለነበረው ደብዳቤ ተናገሩ። ከዚያ ስለ መጨረሻው ደብዳቤ ጀመሩ።

«በመጨረሻው ደብዳቤው አንድ ነገር ለመነኝ...» አሉና ዞረው አዩኝ። ጣቶቼ ቁልፎቹ ላይ ነበሩ። ረጅም ጊዜ አዩኝ።

«ይሄን አጥፋው። ‹በዚያው ዓመት ተወሰደ፤ አልተመለሰም› ብለህ ጻፍ። አራት ነጥብ።»

ጻፍኩ። ሦስተኛው ገጽ አልሞላም ነበር።

«ጋሼ፣ ዘጠኝ ገጽ ነበር እኮ።»

«ነበር። ያኔ ማንም አልነበረም እዚህ።»

«እኔ ልውጣና እርስዎ ብቻዎን ይጻፉት። ኪቦርዱ ተስተካክሏል።»

«እሱን አንዴ ለመጻፍ ስድስት ዓመት ፈጅቶብኛል፣ ልጄ። አሁን ሰባ ስምንቴ ነው።»

የሚሠራ ነገር ስፈልግ ማውጫውን ከፈትኩ። ገጾቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ነው የሞሉት። የወንድማቸው ምዕራፍ ከስልሳ አንድ ይጀምራል፤ ቀጣዩ ከሰባ።

«ይሄን ላስተካክለው? ቀጣዩ አሁን ስልሳ አራት ላይ ይገባል።»

«ተወው» አሉ። «ሰባ እንዳለ ይቀመጥ።»

ዘጋሁት። ያ ጥያቄ መጣ። እጄ በአየር ላይ ቀረ፤ ጋሼ ከኋላዬ መጥተው የግራውን ራሳቸው ተጫኑት።