በፈቃደኝነት፣ እስከ ዓርብ ድረስ

ሞጣ ሳስተምር የነበረን ዳይሬክተር ማኅተም ይወድ ነበር። እወዳለሁ ብሎ ተናግሮ አያውቅም፤ ግን አያያዙ ያስታውቅበታል። ከኪሱ ያወጣዋል፣ አፉን ከፍቶ «ሃህ» ብሎ ይተነፍስበታል፣ ከዚያ ወረቀቱ ላይ ጫን አድርጎ ትንሽ ያቆየዋል። ማኅተም ያላረፈበት ወረቀት ለእሱ ወረቀት አይደለም። ያረፈበት ከሆነ ደግሞ ምን እንደሚል ማንበብ አያስፈልግም፤ ትእዛዝ ነው።

እንግዲህ አንድ ማክሰኞ፣ በሻይ ሰዓት፣ መምህራን ማረፊያ ግድግዳ ላይ እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ተለጥፎ አገኘን፦ «ከቢቸና በፖስታ የተላከልንን መጠይቅ ሁሉም መምህር በፈቃደኝነት፣ ስሙንና ፊርማውን አስፍሮ፣ እስከ ዓርብ ድረስ ለርዕሰ መምህሩ ቢሮ እንዲያስረክብ እያሳሰብን፣ በፈቃደኝነት በማይሞላ መምህር ላይ አስተዳደራዊ እርምጃ የምንወስድ መሆኑን እንገልጻለን። ከሰላምታ ጋር።» ከሰላምታው በታች ማኅተሙ አለ፤ ያውም ሁለት ጊዜ።

የመምህራን ማኅበር ተወካያችን፣ ጡረታቸው የደረሰ ሽማግሌ መምህር፣ መነጽራቸውን አድርገው አነበቡት። ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። አንብበው ሲጨርሱ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት።

«እኔ ፈቃደኛ ነኝ ልጄ» አሉኝ። «እርምጃ ከሚወሰድብኝ ፈቃደኛ ብሆን ይሻለኛል።»

መጠይቁ በየስማችን ታደለን። ላኪው ቢቸና የሚያስተምር፣ ለሁለተኛ ዲግሪው ጥናት የሚሠራ መምህር ነው ተባለ። መንገዱ አንድ ሰሞን ተከፍቶ ሌላ ሰሞን ስለሚዘጋ፣ ኢንተርኔቱም እንደ መንገዱ ስለሆነ፣ ለየትምህርት ቤቱ በፖስታ ሣጥን ቁጥር ልኮታል። ጥያቄዎቹን ሳይ ሳቄ መጣ። «ርዕሰ መምህሩ የመምህራንን ሐሳብ ያዳምጣል።» «ርዕሰ መምህሩ ሲወስን አያዳላም።» «መምህራን ቅሬታቸውን ያለ ፍርሃት ያቀርባሉ።» ከእያንዳንዱ ፊት ለፊት ከ«በጣም እስማማለሁ» እስከ «በጣም አልስማማም» የሚደርሱ ሣጥኖች አሉ። ስምህን ጽፈህ፣ ፈርመህ፣ ስለ ርዕሰ መምህሩ ያለህን ለራሱ ለርዕሰ መምህሩ ታስረክባለህ። ኧረ እግዜር ያሳያችሁ!

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁሉንም «በጣም እስማማለሁ» ብዬ፣ ወርውሬለት፣ ወደ ክፍሌ በሄድኩ። ያን ሰሞን ግን ወደ ቢቸና የጠየቅኩት የዝውውር ቅጽ ዳይሬክተሩ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ልጄ ቢቸና እህቴ ዘንድ ናት። ሞጣ ስመደብ ገና ጡት የጣለች ነበረች፤ እኔ በአንዲት የኪራይ ክፍል ሆኜ፣ ቀኑን ሙሉ ሳስተምር ማን ይይዝልኛል? አባቷ ለሥራ እንደወጣ የሚመጣው በበዓል ነው። እህቴ «ተይልኝ፣ እኔ አሳድጋታለሁ» አለች፤ አሳደገችልኝም። መንገድ ሲከፈት ቅዳሜ ሄጄ እሁድ እመለሳለሁ፤ ሲዘጋ በስልክ «እማዬ ነኝ» እላታለሁ፣ እሷም «እሺ» ትለኛለች። «እሺ» ብቻ። ያቺ እሺ አንጀቴን ትበላው ነበር። ዝውውር ለመጠየቅ የትምህርት ቤቱ ፊርማና ማኅተም ግድ ነው፤ ምዝገባው ደግሞ በወሩ መጨረሻ ይዘጋል። ስለዚህ ዳይሬክተሩን የማስቀየምበት ጊዜ አልነበረም።

ሐሙስ ከሰዓት የሰባተኛ ክፍል የባዮሎጂ ፈተና ሳርም ነገር ተበላሸ። ስለ ምግብ መፈጨት ነው የፈተንኳቸው። አንዱ ተማሪ የመልስ ቦታው አልበቃው ብሎ «ከኋላ ይመልከቱ» ብሎ ጽፏል። ከኋላ ስመለከት ከልጁ ጽሑፍ በላይ እንዲህ የሚል ታትሟል፦

«ውድ መምህር/ት፣ የዚህ መጠይቅ ዓላማ የትምህርት ቤት አመራርን በተመለከተ የመምህራንን አስተያየት ለማወቅ ነው። በጥናቱ መሳተፍ ሙሉ በሙሉ በእርስዎ ፈቃድ ላይ የተመሠረተ ነው፤ አለመሳተፍ ወይም አንዱን ጥያቄ መዝለል ምንም ጉዳት አያስከትልብዎትም። ስምዎን አይጻፉ። መጠይቁን ለማንም ሳያሳዩ፣ አድራሻና ቴምብር ባለበት አባሪ ፖስታ አሽገው በቀጥታ ይላኩልኝ። ውጤቱ በጥቅል እንጂ በግለሰብ ወይም በትምህርት ቤት ስም አይቀርብም፤ ከዚህ ጥናት ውጪ ለሌላ ተግባር አይውልም።» ከታች የአጥኚው ፊርማና ስልክ አለ።

ሌላውን ገለበጥኩ፤ ያው ነው። ሌላውን፤ ያው። አጥኚው በየመጠይቁ ላይ ያያያዛቸውን ደብዳቤዎች ዳይሬክተሩ ቢሮ በሙሉ ነቅለው፣ ጀርባቸው ባዶ ነው ብለው የእኔን ፈተና አባዝተውባቸዋል! ወይ ጉድ! ፈቃዳችንን የሰባተኛ ክፍል ልጆች ትንሹ አንጀትና ትልቁ አንጀት እያሉ ጽፈውበታል። መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ግን ደሜ ፈላ። ቴምብር ያለባቸው ፖስታዎች የታሉ? ማነው በእኔ ስም ፈቃደኛ የሆነው?

ዓርብ ዕለት ዳይሬክተሩ ስብሰባ ጠራን። ከፊቱ የተሞሉት መጠይቆች ተቆልለዋል። «የቀረሽው አንቺ ነሽ» አለኝ። ተነሥቼ ደብዳቤውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩት። ጋሼ ብቻ «እህ!» አሉ።

እሱ ምንም አልደነገጠም። እንዲያውም አዘነልኝ። «ቲቸር፣ ያ ወረቀት እኮ ማኅተም የለውም» አለ። «ቁጥር የለው፣ ቀን የለው። ማኅተም በሌለው ደብዳቤ ተቋም አይሠራም። ለዚህ ነው እኔ ማኅተም ያለው የጻፍኩላችሁ።»

«በፈቃደኝነት ይላል እኮ።»

«እኔስ በፈቃደኝነት አላልኩም?» አለና ግድግዳውን አሳየኝ። ብሏል፤ ሁለት ጊዜ ብሏል። ከዚያ ወደ ሁሉም ዞሮ «እሺ፣ ዴሞክራሲ ነው፤ ፈቃደኛ ያልሆነ እጁን ያውጣ» አለ።

ማንም አላወጣም። ባልደረቦቼ ጫማቸውን እንደ አዲስ ያዩት ጀመር። እኔ ልጄን አሰብኩ፤ ቅጼን አሰብኩ፤ ተቀመጪ አልኩት ራሴን። እጄ ግን ወጥቶ ነበር። ንዴት ነው ያወጣው፣ ጀግንነት እንዳይመስላችሁ።

«መብትሽ ነው» አለኝ በፈገግታ።

ሰኞ ቢሮው ስገባ የዝውውር ቅጼን በሁለት ጣቱ አንሥቶ ሰጠኝ። አልተፈረመም። «እኔም አሰብኩበት፤ ለመፈረም ፈቃደኛ አይደለሁም። ፈቃድ ደግሞ አይገደድም፤ አንቺው ነሽ ያነበብሽልን» አለ። ማኅተሙ እጁ ላይ ነበር፤ እያየሁት መልሶ ኪሱ ከተተው። ከቢሮው ወጥቼ ከሽንት ቤቱ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ። ምን ያደርጋል ሌላ ቃል መፈለግ፤ አለቀስኩ።

ደብዳቤው ላይ ያለውን ስልክ የደወልኩት ያኔ ነው። አጥኚው «ማን ልበል?» ብሎ ጀመረና ነገሩን ስነግረው ቢቸና ስመጣ እንድንገናኝ ጠየቀኝ። ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ስለነበር ሚኒባስ ይዤ፣ በደብረ ወርቅ አልፌ ቢቸና ገባሁ፤ ልጄን ሳላይ በፊት እሱን አገኘሁት። ከሲታ፣ ሸሚዙ የሰፋው ሰው ነው። ከትምህርት ቤታችን የመጣው ጥቅል እጁ ላይ ነበር። ከእኔው በቀር አንዱም ሳይቀር ተመልሷል፤ አንዱም ሳይቀር «በጣም እስማማለሁ» ይላል፤ አንዱም ሳይቀር ስምና ፊርማ አለበት። ከላይ ደግሞ ማኅተም ያረፈበት «የፈቃደኞች ስም ዝርዝር» ተያይዟል።

«እኔ ደግሞ ከሁሉም ትምህርት ቤት የናንተ ቀድሞ ሲመጣልኝ ደስ ብሎኝ ነበር» አለኝ። አሳዘነኝ። ጥቅሉን አስቀመጠና «አልጠቀምበትም፤ ስም አይጻፍም ብዬ ቃል ገብቻለሁ» አለ። እንደሌላው ሰው «አሁን ምን ይደረግ» ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለም። ቁጭ ብሎ ለትምህርት ቤታችን ደብዳቤ ጻፈ፦ መጠይቆቹ የተሞሉት ከተያያዘው ደብዳቤ በተቃራኒ ስለሆነ አይተነተኑም፣ ይወገዳሉ የሚል። የእኔን ስም አላነሣም። ጨርሶ ሲያበቃ ከግርጌው ላይ፣ እንደ ቀላል ነገር፣ «ግልባጭ፦ ለወረዳው ትምህርት ጽሕፈት ቤት» ብሎ ጨመረበት።

እሰይ! ያቺ ግልባጭ የምትባል ነገር! ደብዳቤው በደረሰ ማግስት ዳይሬክተራችን በሻይ ሰዓት አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ። ላብ በላብ ሆኗል። «ቲቸር፣ ያ ቅጽሽ የት ደረሰ? ምነው ዝም አልሽ?» አለኝ። ደብዳቤው ምን እንደሚል አላነበበም፤ ለማን እንደተገለበጠ ግን አንብቧል። ቅጹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሰጠሁት፤ ሃህ ብሎ ተነፈሰበትና አተመው። ምዝገባው ሳይዘጋ ደረሰልኝ።

መጠይቁ ሁለተኛ ጊዜ ተላከ፤ በጋሼ ስም፣ በማኅበሩ በኩል፣ እያንዳንዱ በየፖስታው ታሽጎ። አጥኚው ብልህ ሆኗል፤ ደብዳቤውን የመጠይቁ የመጀመሪያ ገጽ አደረገው፣ ወረቀቱንም ከፊትና ከኋላ አተመበት፤ ፈተና የሚታተምበት ባዶ ጀርባ የለም። እኔ ያኔ ተዛውሬ ቢቸና ገብቼ ነበር። ጋሼ ደውለው «ባዶውን አሽጌ ላክሁት ልጄ» አሉኝ። «አልሞላም አልኩ። ማንም ምንም አላለኝ። እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ!»

የልጄ ነገር ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። ከእህቴ ቤት አጠገብ ቤት ተከራየሁ፤ አልጋ ገዛሁ፣ አበባ ያለበት አንሶላ ዘረጋሁ። በመጀመሪያው ማታ ራት በልተን ስንጨርስ «ነይ እንሂድ፣ ዛሬ ከእማዬ ጋር ነው የምትተኚው» አልኳት። እህቴን አየቻት፤ ከዚያ እኔን።

«የግድ ነው?» አለችኝ።

እህቴ «ሂጂ፣ እናትሽ አይደለች እንዴ!» ብላ ልትቆጣ ስትል እጇን ያዝኩት። ጎትቼ ብወስዳት ማን ይከለክለኛል? እናቷ ነኝ። ያን ሁሉ የጨቀጨቅኩትም ለዚህች ማታ ነው።

«የግድ አይደለም» አልኳት። «መብትሽ ነው።»

«እሺ፣ እዚሁ እተኛለሁ» አለችና ከእህቴ ጎን ገብታ ተሸፈነች። እኔ ብቻዬን ሄጄ አበባ ያለበት አንሶላ ላይ ተኛሁ።