የሐይቅ ዳሩ ሱቅ ማስታወቂያ

በደርግ ጊዜ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ ቀበሌ የቤቶች ክፍል ጸሐፊ ነበርሁ። ትርፍ ቤት ሁሉ ከተወረሰ ወዲህ ኪራያቸው አነስ ያለ ቤቶችንና ሱቆችን የሚያከራየው ቀበሌው ነው። አንድ ሱቅ ሲለቀቅ ማስታወቂያ ጽፌ በሰሌዳው ላይ እለጥፋለሁ። ኪራዩ የተቆረጠ ስለሆነ ጨረታ የሚባል የለም፤ ፈላጊው ማመልከቻ ያስገባል፣ ሌላ የንግድ ቤት እንደሌለው ይጣራል፣ ከዚያ ኮሚቴው ይመርጣል።

ከገበያው ወደ ሐይቁ በሚወርደው መንገድ ላይ አንዲት ሱቅ ነበረችን። የያዙት ባላቸው የሞተባቸው አንዲት ሴት ነበሩ፤ ክርና አዝራር፣ ሻሽና ቁርጥራጭ ጨርቅ ይሸጣሉ። አንድ ቀን ቢሮ መጡና፣ «ቁልፉን ላስረክብ ነው፣ ገበያ መሐል ጉልት ይሻለኛል» አሉኝ። ከሳቸው በፊት የነበሩት ሁለቱ ተከራዮችም ብዙ ሳይቆዩ ነበር የለቀቁት።

የኮሚቴው ሊቀ መንበር የፋብሪካ ሠራተኛ ነው፤ ፈጣን፣ ለቀበሌው ገቢ የሚቆረቆር ሰው። ማስታወቂያውን ቆሞ አስጻፈኝ። «ከጧት እስከ ማታ የሰው ጎርፍ በማይቋረጥበት ዋና መንገድ ላይ የሚገኝ፣ ለማንኛውም ንግድ የሚመች ሱቅ» አለ። እኔም ጻፍሁ። ውሸት ነው ብዬም አላሰብሁም፤ በዚያ መንገድ ሰው ሲያልፍ በዓይኔ አይቻለሁና።

በሳምንቱ አንድ ከጦሩ በጉዳት የተሰናበተ ወታደርና ሚስቱ መጡ። ሰውየው አንድ እግሩን ይጎትታል። ያላቸውን ጥሪት አሟጠው ሻይ ቤት ሊከፍቱ አስበዋል። ቤቱን ላሳያቸው ወሰድኋቸው። ሴትዮዋ ዕቃቸውን እያሰሩ ነበር። መደርደሪያቸውንና ባንኮኒያቸውን ለሚቀጥለው ተከራይ ለመሸጥ እንደሚፈልጉ አውቃለሁ፤ እንግዶቹን ሲያዩ ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር።

«ምን ልትሠሩ ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ሻይ ቤት፣ እናቴ» አለ ወታደሩ። «የሰው ጎርፍ አለ የሚል አንብበን ነው የመጣነው።»

ሴትዮዋ ወደ እኔ ዞር አሉ። «እንዲያ ብለሽ ነው የጻፍሽው?»

«አዎ» አልሁ።

«የሚያልፍ ሰውማ አለ፤ የሚቆም ግን የለም» አሉ ለባልና ሚስቱ። «ለሻይ ቤት አይሆናችሁም፤ ገንዘባችሁን አትቅበሩት።»

ወታደሩ ፊቱ ተለወጠ። «ለዘመድ አስበውት እንዳይሆን» አለ። ሚስቱ ክንዱን ያዝ አደረገችው። እኔ አፈርሁ። ሴትዮዋ ግን አልተቆጡም። «መጠርጠርህ ደግ ነው» አሉት። «የእኔንም ቃል ዝም ብለህ አትመን። ቅዳሜ ኑና ከእኔ ጋር እዚሁ ቁጭ በሉ፤ ዓይናችሁ ይፍረድ። አንቺም ነይ፣ የኔ ልጅ።»

ቅዳሜ ሄድሁ። ባልና ሚስቱ ቀድመውኝ ደርሰው ደጃፉ ላይ ተቀምጠዋል። እውነትም መንገዱ ሞልቷል። ከደቅ ደሴትና ከሐይቁ ዳር ዳር በጀልባና በታንኳ የመጡት እህላቸውንና ዶሯቸውን፣ ማገዷቸውን ተሸክመው ወደ ገበያ ይወጣሉ። የአንዱም ዓይን ወደ ሱቁ አይዞርም። ሸክም ያጎበጠው ሰው የሚያየው እግሩ ሥር ያለውን ድንጋይ ነው። በመሐል የፋብሪካ ሠራተኞች በብስክሌት ደወላቸውን እያሰሙ ሽው ይላሉ፤ እነሱም አይቆሙም።

«ሲመለሱስ?» አለች የወታደሩ ሚስት። «ያኔ ሸክም የላቸው፣ ገንዘብ ይዘዋል።»

«ሲመለሱ ታያለሽ» አሏት።

ፀሐይዋ ዘንበል ስትል መመለስ ጀመሩ። ይሮጣሉ ማለት ይቀላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሳል፤ ሐይቁ ከተናወጠ በኋላ በታንኳ መግባት ሞት ነው። አንዲት ሴት ሻሽ ልታይ ቆም ስትል ባሏ ከፊት ሆኖ፣ «ሞገዱ ሊነሳ ነው እኮ!» ብሎ ጮኸባት። ጥላው ሄደች። ከዚያ መንገዱ ጭር አለ። ሴትዮዋ በሌላው ቀንም የሚቆም እንደሌለ ነገሩን፤ ጧትና ማታ ብስክሌት፣ በመሐል ዝምታ።

የወታደሩ ሚስት ጭር ያለውን መንገድ ግራና ቀኝ አየች። «ነፋስ የሚያባርረው ሰው ሻይ አያምረውም» አለች። ወታደሩ ተነሣና ወደ ሴትዮዋ ጠጋ ብሎ ጉልበታቸውን ሊነካ አጎነበሰ። «በክፉ ጠርጥሬዎታለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። «ተው፣ ተው፣ ቀና በል» አሉት። መደርደሪያቸውንና ባንኮኒያቸውን የሚገዛ ቢያገኙ ያተርፉ የነበሩት እሳቸው ናቸው፤ ከባልና ሚስቱም ከእኔም ይልቅ የተጎዱት እሳቸው ነበሩ። ይህ የገባኝ ወደ ቤቴ ስመለስ ነው፤ እንዲህ ያለ ሰው በቀበሌያችን መኖሩን ሳላውቅ ኖሬ!

ሰኞ ባልና ሚስቱ ያስገቡትን ማመልከቻ መልሰው ሲወስዱ ሊቀ መንበሩ ተቆጣ። ሴትዮዋን አስጠራቸው።

«ተከራይ አባረሩብን፣ እትዬ። ባዶ ቤት ለቀበሌው ምን ይጠቅማል?»

«ጓድ ሊቀ መንበር፣ ባዶ የሚሆነውስ በማን ነው? ከእኔ በፊት ሁለቱ ወጡ፤ እኔም ወጣሁ። ወታደሩም ቢገባ ከስሮ ይወጣ ነበር፤ ያኔ ኪራዩንስ ከየት አምጥቶ ይከፍላል?»

«ሁለቱ ለምን እንደወጡ አልነገሩንም።»

«ማን ጠየቃቸው?»

ሊቀ መንበሩ ቁጡ ቢሆንም እውነት ሲነገረው የማይሸሽ ነው። ወንበሩን ስቦ ተቀመጠና፣ «ታዲያ ምን ተብሎ ይጻፍ?» አለ።

እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍሁ። «ሱቁ ከገበያ ወደ ሐይቁ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ቅዳሜ ጧት ሰው ይበዛል፤ ግን ሸክም ይዞ ያልፋል። ከሰዓት በኋላ ወደ ጀልባ ይቸኩላል። በሌላው ቀን መንገዱ ጸጥ ያለ ነው። መንገደኛን ተማምኖ ለሚነግድ አይመችም፤ ደንበኛው ፈልጎት ለሚመጣ ባለሙያ ይሆናል።»

ሊቀ መንበሩ ማኅተሙን ሲመታ፣ «በዚህ ማስታወቂያ የሚመጣ ካለ እኔም እመነኩሳለሁ» አለ። ሳምንታት አለፉ፤ የሚያነቡት እየሳቁ ይሄዱ ነበር። ሴትዮዋም ቁልፉን አስረክበው ጉልታቸውን ያዙ።

ከዚያ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ መጣ። ከእህል ወፍጮ ጎን በተጠጋች ጥግ ይሠራ ነበር። «ወፍጮው ሲነሣ የራዲዮው ድምፅ ይሁን የወፍጮው መለየት አቅቶኛል» አለኝ። «ራዲዮው የተበላሸበት ሰው የትም ብሄድ ፈልጎ ይመጣል። እውነት ጸጥ ያለ ነው?»

«ቅዳሜ ጧት ሲቀር» አልሁት።

ኮሚቴው ሰጠው። መደርደሪያዎቹንም ከሴትዮዋ ገዛና ራዲዮዎቹን ደረደረባቸው። እኔ ሥራ እስክለቅ ድረስ ከዚያች ሱቅ አልወጣም። ወታደሩና ሚስቱ መናኸሪያው አካባቢ ጠባብ ክፍል አግኝተው ሻያቸውን ጀመሩ፤ ሲሞላላቸውም ሲጎድልባቸውም አይቻለሁ።

የሚቀጥለው ሱቅ የተለቀቀ ጊዜ ወረቀት አዘጋጅቼ ሊቀ መንበሩን ብጠብቀው ቀረ። ወጥቼ ስፈልገው የተለቀቀው ሱቅ ደጃፍ ላይ በርጩማ አስቀምጦ፣ ከሚለቀው ተከራይ ጋር እያወራ አላፊ አግዳሚውን ሲመለከት አገኘሁት። ሲመሽ ግንባሩ በፀሐይ ቀልቶ መጣና ማስታወቂያውን አስጻፈኝ። ጨርሼ ልነሣ ስል እጁን አነሣ።

«ቆይ፣ ከስምንት ሰዓት በኋላ ፀሐይ ፊት ለፊት ትመታለች፤ ቅቤ ለሚሸጥ አይሆንም ብለሽ ጨምሪበት» አለኝ።