እስከ አሜን የሚቆይ ጽሑፍ

ሮቤ ውስጥ ቪዲዮ ማንሳትና ማቀናበር እንጀራዬ ከሆነ ቆይቷል። ሰርግ በሉት ምረቃ፣ ክርስትና በሉት የመሥሪያ ቤት ስብሰባ፣ ካሜራዬን ይዤ ያልገባሁበት ድንኳን የለም። ስለዚህ አንዲት የጎባ መምህርት ሱቄ መጥታ «አጭር ቪዲዮ አለችኝ፣ ከሥሯ አማርኛ ትርጉም ይጻፍልኝ» ስትለኝ፣ ይኼማ የቁርስ ሥራ ነው ብዬ ናቅሁት። የናቁት ያስረግዛል ይባል የለ?

ልጅቷ ልታገባ ነው። ሙሽራው የደብረ ማርቆስ ልጅ ነው፤ ለሥራ መጥቶ ጎባ ላይ ልቡን ጥሎ የቀረ። እሷን ያሳደጓት አያቷ ገሰራ ይኖራሉ። ጉልበታቸው አላስኬድ ስላላቸው ሰርጉ ላይ አይገኙም፤ በምትኩ ደጃቸው ላይ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ተቀምጠው በኦሮምኛ ሲመርቁ በስልኳ ቀርጻቸዋለች። ነገሩ የከረረው በሙሽራው እናት በኩል ነው። ሴትየዋ ኦሮምኛ አይሰሙም። አንድ ወሬኛ ደግሞ «ሽማግሌው የሚቀሩት ጋብቻው ስላልጣማቸው ነው» ብሎ ሹክ ብሏቸው፣ ከዚያ ወዲህ ስልክ ላይ እንኳ ድምፃቸው ቀዝቅዟል።

«ማሎ፣ እባክሽ እህቴ፣» አለችኝ፣ «አያቴ ለአማቴ ብለው የተናገሩት አለ። እኔ ቆሜ ላስተርጉም ብል ከራሷ ጨመረችበት ይሉኛል። ከአፋቸው ሲወጣ ራሳቸው እንዲያነቡት ነው የምፈልገው።»

«አታስቢ» አልኳት። እኔም አላሰብኩም፤ ጥፋቱ እሱ ነው።

ትርጉሙን አብረን ሠራን። ከዚያ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ተራቀቅሁበት። ምርቃት ነውና ክብር ይኑረው ብዬ የብራና ጽሑፍ የሚመስል፣ ጫፉ የቀጠነና የተቆለመመ ፎንት መረጥኩ። ቀለሙን ወርቃማ አደረግሁት። ሽማግሌው አንድ ነገር ባሉ ቁጥር ጎረቤቶቹ በአንድ ድምፅ «አሜን» ይላሉ፤ ይህ መደጋገም አሰልቺ መስሎ ስለታየኝ አሜኖቹን ሁሉ ከቪዲዮው ቆርጬ ጣልኳቸው። ቪዲዮው ቁልጭ ያለ፣ ፈጣን ነገር ወጣው። በራሴ ሥራ ፈገግ አልኩ።

ለሙከራ እናቴን ጠራኋት። እናቴ ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ስታነብ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል፣ ጣቷም ይከተላል። የሙሽራው እናትም እንዲሁ ናቸው ብላኛለች ልጅቷ። መነጽሯን አድርጋ ቴሌቪዥናችን ፊት ተቀመጠች። ገና የመጀመሪያውን ቃል ስትጀምር ጽሑፉ ጠፋ። ሁለተኛው መጣ፣ እሱም አመለጣት። በሦስተኛው ላይ ሽማግሌው ወደ ገብስ ማሳቸው እጃቸውን ሲዘረጉ የደረሰው ገብስና የእኔ ወርቃማ ፊደል አንድ ሆነው ቀሩ።

«ምን ያሯሩጠኛል ይኼ?» አለች መነጽሯን አውልቃ። «ደግሞ ፊደሉ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የከሳው? እግሩና ቀለበቱ አይታይም። ቆይ፣ ሰውየው እየመረቁ አይደለም እንዴ? አሜን ባዩ የት ሄደ?»

«ቆረጥኩት። እንዲያጥር ብዬ።»

«አሜን ቆረጥሽ?» ሳቋ መጣ። «መርቆ አሜን የማይባልበት አገር የት ነው? እኔ የሙሽራውን እናት ብሆን ሽማግሌው አጠገብ ሰው የለም፣ ጎረቤት ጠልቷቸዋል ነበር የምለው!»

መጀመሪያ ተናደድኩ። የእኔ ንዴት እንደ ሮቤ መብራት ነው፤ ይጠፋል፣ ይመጣል። ንዴቱ ሲጠፋልኝ ግን ነገሩ በራልኝ። ሽማግሌው ሲመርቁ ፈጣን ናቸው። የሚያነብ ሰው ጊዜ የሚያገኘው ከየት ነው? ከአሜኑ ነው! ጎረቤቶቹ ተቀብለው እስኪጨርሱ ሽማግሌው ይጠብቃሉ፤ ጽሑፉም አብሮ መጠበቅ ይችላል። እኔ ሞኟ ቆርጬ የጣልኩት የእናቴን የንባብ ጊዜ ኖሯል።

ሁሉንም አፍርሼ እንደገና ጀመርኩ። አሜኖቹን አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስኩ። ጽሑፉ ሽማግሌው አፋቸውን ሲከፍቱ ይመጣል፤ ቀድሞ ወጥቶ ነገር አያሳብቅም። አሜኑ እስኪያልቅ ይቆያል፤ ከዚያ ለአፍታ ጠፍቶ ለሚቀጥለው ይለቃል። ከሁለት መስመር በላይ አልጽፍም አልኩ፤ መስመሩም አጭር ነው፣ ዓይን ከዳር እስከ ዳር እንዳይንከራተት። መስመር የምቆርጠው ትርጉሙን እያየሁ ነው፦ «የልጅ ልጅ» ለሁለት ተከፍሎ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች አያድርም፤ የአማርኛ ግሥም መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ከዓረፍተ ነገሩ ተነጥሎ ለሚቀጥለው ጽሑፍ አይተርፍም። ለአንድ ጊዜ የሚበዛውን ዓረፍተ ነገር ሐሳቡን ሳልነካ አሳጠርኩት።

ፎንቱንም ቀየርኩ። ጌጥ የሌለው፣ ወፈር ያለ፣ ግን የፊደሉ ሆድ ያልተደፈነ። ተለቅ አደረግሁት፤ የእኛ ፊደል በትንሹ ሲጻፍ እግሩም ቀለበቱም ይዋጣል። ቀለሙን ነጭ አድርጌ ጥቁር ጠርዝ ጨመርኩበት። የሽማግሌው ነጭ ጋቢ ላይ ጠርዙ ብቻውን ስላልበቃኝ ከጽሑፉ ሥር ሳሳ ያለ ጥቁር ጥላ ዘረጋሁ። አንዳንድ ቴሌቪዥን የምስሉን ዳር ስለሚበላም ከታች ከፍ አደረግሁት።

እናቴ እንደገና ተቀመጠች። አነበበች፣ ጨረሰች፣ ከጎረቤቶቹም ጋር «አሜን» አለች። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ «አሁን ሰው ሆንሽ» አለችኝ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ጎባ ሄጄ አዳራሹ ውስጥ ያለውን ቴሌቪዥን ሞከርኩት። ጽሑፉን ለብቻው ፋይል አድርጌ ብሰጠው በፊደል ፈንታ ባዶ ሳጥን ይደረድራል። ደግነቱ እኔ ምስሉ ላይ አትሜው ስለነበር የትኛውም ቴሌቪዥን ሊያበላሸው አይችልም። የመስኮቱ ብርሃን እንዳይጋርደው ቴሌቪዥኑን አዙሬ፣ የሙሽራውን እናት ከፊት አስቀመጥኳቸው። ሙሽራዋ በቬሎዋ ሥር እጇን ስትጨብጥና ስትዘረጋ አየኋት። የእኔም ጭንቀት ከእሷ አላነሰም።

ሽማግሌው ጀመሩ። «ሆራ ቡላ!» ከሥራቸው ጽሑፉ ወጣ፦ ርቡ፣ ኑሩ። የሙሽራው እናት ፊታቸው እንደተቋጠረ ነው፤ ከንፈራቸው ግን ሲንቀሳቀስ አየሁ። እያነበቡ ነው! ገሰራ ያሉት ጎረቤቶች «አሜን» አሉ። ጽሑፉ ጠፋ፣ ሌላ መጣ፣ ሴትየዋም ተከተሉ። አላመለጣቸውም።

ከዚያ ሽማግሌው ወደ ካሜራው ቀረብ ብለው ዝግ ባለ ድምፅ ተናገሩ። ከሥራቸው ሁለት መስመር ወጣ፦

የአዲሱ ልጄ እናት ሆይ፣ ጉልበቴ ከለከለኝ፤
ልቤ ግን ደጅሽ ደርሷል።

ሴትየዋ ይህን ድምፅ አውጥተው አነበቡት፤ ቀስ ብለው፣ ፊደል በፊደል። ጽሑፉ ጠበቃቸው። «ደርሷል» ብለው ሲጨርሱ የገሰራዎቹ «አሜን» እየመጣ ነበር፤ እሳቸውም ከወንበራቸው ብድግ ብለው፣ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው፣ ከማያውቋቸው ጎረቤቶች ጋር እኩል «አሜን!» አሉ።

ሙሽራዋ አለቀሰች፤ ኩሏም ጉንጯ ላይ ወረደ። እኔም ሰርጉን የምቀርጽበትን ካሜራዬን ይዤ አለቀስኩ፤ ምስሉ ትንሽ ተንቀጥቅጧል። በቅንብር ጊዜ ያቺን ቦታ ቁረጪያት ያለኝ አለ። አልቆረጥኳትም።