በቢቸና ገብቼ በሞጣ የወጣሁበት በር

ቤቴን ሊከራዩ መጥተው እኔንም ጨምረው ወሰዱኝ። ፊልም የሚሠሩ ልጆች ናቸው። የቢቸናው ቤቴ ውስጡ ተመቻቸው፤ ደጁ ግን ኮብልስቶንና ባለመስታወት ሱቅ ስለሆነ ጠሉት። የድሮ ግቢ እንፈልጋለን ሲሉ ከአፌ አመለጠኝ፤ «ሞጣ የእናቴ ቤት አለ።» አሁን የወንድሜ ልጅ ይኖርበታል። ሄደው አይተው ወደዱት። በፊልሙ አንዲት አሮጊት ልጇ መምጣቱን ሰምታ ከቤት ትወጣለች። ከውስጥ የሚታየው ቢቸና፣ ከደጅ የሚታየው ሞጣ ይቀረጻል። አሮጊቷ እኔ ነኝ።

«ይህን ማን ያምናችኋል?» አልኩት ዳይሬክተሩን።

«እሷ እያለች ሁሉም ያምናል» ብሎ አንዲት ቀጭን ልጅ አሳየኝ።

ኮንቲኒዩቲ ይሏታል። ሥራዋ ማየትና መጻፍ ነው። አንዱን ነገር በቀረጹ ቁጥር፣ ቴክ ይሉታል፣ ነጠላዬ በየትኛው ትከሻዬ እንደዋለ፣ ምርኩዜን በየትኛው እጄ እንደያዝኩ፣ የቱን ቃል ስናገር እንደተነሳሁ ትጽፋለች። በስልኳም ታነሳኛለች። ምስሉን ቆርጦ የሚቀጥለው ኤዲተር አዲስ አበባ ነው፤ እኛ ዘንድ አልመጣም። ምን ከምን እንደሚገጥም የሚያውቀው ከእሷ ጽሑፍ ነው።

ቢቸና ላይ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። የመጀመሪያውን ባጃጅ ጮኾ አበላሸው። በሁለተኛው ምርኩዜን በግራ ይዤ፣ በቀኜ በሩን ስቤ ወጣሁ። ዳይሬክተሩ «ይሄ ነው!» ሲል ልጅቱ ቁጥሩን በብዕር ከበበችው። ለማንኛውም አንድ እንጨምር ተባለ። በሦስተኛው ጉልበቴ ከዳኝ፤ በሩን ከፈትኩና ቆም ብዬ፣ ምርኩዙን ወደ ቀኝ አዛውሬ፣ በግራ እጄ መቃኑን ተደግፌ ደፉን ተሻገርኩ።

«ዘገዩ እማማ፤ ይሄ ይቅር» አለኝ ዳይሬክተሩ። ልጅቱ ግን ትጽፋለች።

«ይቅር ተባለ እኮ! ምን ትጽፊያለሽ?»

«የቀረውንም እጽፋለሁ እማማ።»

«የሰው ጉድለት እየለቀምሽ ነው እንጀራ የምትበይው?»

«ጉድለት አላልኩም» ብላ አነበበችልኝ። «ቴክ ሦስት። ምርኩዝ ቀኝ፣ ግራ እጅ መቃን ላይ፣ ነጠላ ግራ ትከሻ፣ ከደፉ በፊት ቆም ይላሉ።»

የጨመረችው ነገር የለም። ቢሆንም አኮረፍኳት።

በሳምንቱ ሞጣ ሄድን። ከዚያ በር ሙሽራ ሆኜ ነው የወጣሁት። እናቴ አላለቀሰችም። ሲወጡ በግራ በኩል ያለውን መቃን ይዛ ቆመች። በቅሎ ላይ ሆኜ ዞሬ ሳይ እጇ እዚያው ነበር። ዛሬ በመኪና ጠዋት ሄዶ ማታ ይገባል፤ ያኔ ግን መሄድ ባማረኝ ቁጥር ወይ አራስ ነኝ፣ ወይ አዝመራ ነው። ሞቷን የሰማሁት ከተቀበረች በኋላ ነው። ከተዝካሯ ወዲህ በዚያ በር አልገባሁም ነበር።

ልጅቱ የቢቸናውን ፎቶ እያየች ነጠላዬን አስተካከለችልኝ። «ምርኩዝ በግራ፣ እማማ።»

«ሰምቻለሁ።»

ቀረጻ ተጀመረ፤ ወጣሁ። እጄ ግን አልጠየቀኝም። ምርኩዙ ወደ ቀኝ አለፈ፤ በግራዬ መቃኑን ያዝኩ። እንጨቱ ያው ነው፤ ሰው የሚይዝበት ቦታ ለስልሷል። ያን ሁሉ ዘመን ያላለቀስኩት ለቅሶ መጣ።

ዳይሬክተሩ ዓይኑን እየጠረገ «ድንቅ ነው!» አለ።

«አይገጥምም» አለች ልጅቱ። «በከበብነው የቢቸና ቴክ ምርኩዙ በግራ ነው። በር ሲያልፉ እጅ ይቀየራል።»

«ታዲያ ለምን አላስታወስሻቸውም?» ብሎ ጮኸባት።

«አንተ!» አልኩት። «ነግራኛለች። ያደረግኩት እኔ ነኝ። ያላጠፋችውን አትቆጣ።»

ቀና ብሎ ሰማዩን አየ። «እሺ፣ ፀሐይዋ ሳትሸሽ እንድገመው።»

ምርኩዜን በግራ ይዤ ወጣሁ። ምንም አልመጣም። «ይሄ ይገጥማል» አለ፤ ድምፁ ግን ቀዝቅዟል። ያኛው ሊጣል ነው ማለት ነው። የእናቴን መቃን የያዝኩበት ሊጣል ነው።

«የገጠመውን ሳይሆን የሆነውን ውሰዱ!» አልኩ። ማን ይሰማኛል።

ልጅቱ ገጽ ስታገላብጥ ቆይታ፣ «ቢቸና ቴክ ሦስት» አለች። «ምርኩዝ ቀኝ፣ ግራ እጅ መቃን ላይ፣ ነጠላ ግራ ትከሻ።»

«ያ የዘገዩበት?» አለ ዳይሬክተሩ።

«የዘገዩት ከደፉ በፊት ነው። ኤዲተሩ ያሳጥረዋል።»

ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን አሳየችው። ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። እሷም የለቅሶዬን ቴክ ከበበችና አጠገቡ «ከቢቸና ቴክ ሦስት ጋር» ብላ ጻፈች።

«ያኮረፍኩሽንም ጽፈሻል?» አልኳት።

«እሱ ካሜራ ውስጥ አልገባም እማማ» ብላ ሳቀች።

ተቆርጦ የተቀጠለውን ሰሞኑን በስልክ ላከችልኝ። ጀርባዬ ከቢቸና ይወጣል፤ ፊቴ ሞጣ ላይ ይገለጣል። በባሌ ቤትና በእናቴ ቤት መካከል ያለው አንድ ደፍ ብቻ ነው። ስመኘው የኖርኩት መንገድ እንዲህ አጥሮ አየሁት።

ግን ቶሎ ያልፋል። ደውዬ «እጄ መቃኑ ላይ ሳለ ኤዲተሩ ትንሽ ቢያቆየው ምናለ?» አልኳት። እነግረዋለሁ አለች። እስከዚያው በጣቴ እየነካሁ አስቆመዋለሁ። ሲቆም እጁ የእኔ አይመስልም፤ የእናቴን ይመስላል።