የቻይነሽ ሁለተኛው ደብዳቤ

ቻይነሽ አስናቀው ቡሬ ውስጥ የስፖርት መምህርት ናት። የሽንዲ ገበሬ ልጅ ስለሆነች ኳስ የነካችው መምህራን ኮሌጅ ከገባች በኋላ ነው። ከነካችው ወዲያ ግን አልተወችውም። ጉልበቷ እስኪከዳት ተጫወተች። ጉልበቷ ሲከዳት አሠለጠነች። ዘንድሮ አርባ ሁለት ዓመት ሞላት፤ የሴቶች መረብ ኳስ ቡድኗም ለመጀመሪያ ጊዜ ፍኖተ ሰላም ወርዶ፣ ሦስት ለአንድ አሸንፎ፣ ደሴ ላይ ለሚደረገው ውድድር አለፈ።

ደስታው አንድ ሳምንት እንኳ አልቆየም። «የጉዞና የመኝታ ወጪ በየቡድኑ ይሸፈናል» የሚል ወረቀት መጣ። ርእሰ መምህሩ ወረቀቱን አንብቦ መልሶ ሰጣትና «እንግዲህ ከተማውን ጠይቂ» አላት።

የመጀመሪያውን ደብዳቤ የጻፈላት የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ገብረ ኢየሱስ ነው። ገብረ ኢየሱስ ለዕድርም ለሰበካ ጉባኤም የሚጽፍ፣ እጁ የተባረከ ሰው ነው። እሷም አምናው ሳታነብ ማኅተም አስመታችበትና በማግስቱ እህል ነጋዴው አቶ ገነነ መጋዘን ደረሰች።

አቶ ገነነ መነጽራቸውን አድርገው እስከ ግማሹ አነበቡ። ቀና ብለውም «ማን ታሞ ነው?» አሉ።

«የታመመ የለም፣ ጋሼ። የመረብ ኳስ ቡድናችን ነው።»

«አሃ።» እጃቸውን ኪሳቸው ከትተው መቶ ብር አወጡ። «ስለ እመቤታችን ብዬ ነው። አይዟችሁ።»

ቻይነሽ ብሩን ተቀብላ ወጣች። በረንዳው ላይ አንዲት ለማኝ ሴት ተቀምጣ ነበር። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየቻትና ጥቂት ፈቀቅ አለችላት። ያ ፈቀቅ ማለት እስከ ትምህርት ቤቱ ድረስ ተከተላት።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ ላይ ደብዳቤውን ለቡድኑ አምበል ለትሕትና ሰጠቻት። ትሕትና የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ ናት። ቁመቷ ከመረቡ እኩል ሊሆን ምንም አልቀረው፤ አባቷ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ቆማ አነበበችና እንዲህ አለች፦

«ቲቸር፣ እዚህ ውስጥ ‹ምስኪን› የሚለው አራት ጊዜ አለ። መረብ ኳስ የሚለው አንዴ ብቻ ነው። ማሸነፋችን ደግሞ ጭራሽ የለም።»

ያን ቀን ሁለቱም መጫወቻው ዳር ቁጭ ብለው አዲስ ጻፉ። ‹ከእግርዎ ሥር ወድቀን› የሚለውን አወጡ። ፍኖተ ሰላም ላይ የሆነውን ከነውጤቱ ፊት ላይ አመጡት። የሚሄዱት አሥራ አራት ሰዎች መሆናቸውን፣ ለአንድ ሰው የመኪናው፣ የአልጋውና የምግቡ ድምር ዘጠኝ ሺህ ብር መሆኑን ለየብቻ ዘረዘሩ። ልጆቹ ወረቀቱ ከመጣ ጀምሮ ሦስት ቅዳሜ በርበሬ ለቅመው የሁለት ሰው ጉዞ ራሳቸው መሸፈናቸውን ጻፉ። ‹የሚችሉትን ያህል› ያለውን ሰርዘው ‹የአንዲት ተጫዋች ጉዞ እንዲሸፍኑ እንጠይቃለን› አሉ። ሰጪው ስሙ ከልምምድ ማልያው ጀርባ እንደሚጻፍ፣ ሲመለሱም ከነደረሰኙ ሪፖርት እንደሚደርሰው፣ ጉዞው ከቀረ ገንዘቡ እንደሚመለስ፣ መልሱም እስከ መቼ እንደሚፈለግ ጨመሩበት። ምስጋናውን አንድ መስመር አደረጉት።

ገብረ ኢየሱስ ሲያነበው ፊቱ ጠቆረ። «ይኼ የጨረታ ማስታወቂያ ነው እንጂ ደብዳቤ ነው? ልብ የሚነካ ነገር ከሌለው ማን ይሰጣል?»

«ልብማ በመጀመሪያው ተነክቶ መቶ ብር ወጣው» አለችው።

ካፈርኩ አይመልሰኝ ብላ መልሳ አቶ ገነነ ዘንድ ሄደች። አሁን እስከ መጨረሻው አነበቡ። የአልጋውን ሒሳብ በጣታቸው እየተከተሉ ደሴ ላይ አልጋ ስንት እንደሆነ ተከራከሯት። ‹በርበሬ ለቅመው› የሚለው ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ።

«የት ያለ ማሳ ላይ?»

«ወደ ሽንዲ መውጫ፣ ጋሼ።»

«ቢሸነፉስ?»

«ቢሸነፉም ሪፖርቱን ይዤ እመጣለሁ። እንዴት እንደተሸነፉ ይጻፍበታል።»

ሳቁ። «ታዲያ ፊት ይኼን አታመጭልኝም ነበር?» ብለው የሁለት ልጆች ጉዞ ሰጡ።

መድኃኒት ቤት ያላት ንግሥቴ አንድ ሸፈነች። ወፍጮ ቤቱ አንድ ሰጠ። የድሮ ተማሪዎቿ ተዋጥተው ሁለት ሞሉ። ልጆቹ ከለቀሙት ጋር ስምንት ደረሰ። ከዚያ ወዲያ ግን ነገሩ ቆመ። ሰው ደብዳቤውን አመሰገነ፤ ግን መንገዱ በየጊዜው እየተዘጋ ገበያው ሞቷል፤ በዚያ ላይ መዋጮው በዝቶበታል። «ደብዳቤሽ ግሩም ነው፣ መምህርት፤ እጄ ግን ባዶ ነው» ያላት ብዙ ነው። በደንብ የተጻፈ ደብዳቤ የሌለ ብር እንደማያወጣ ያን ጊዜ ገባት።

ምዝገባው ሊዘጋ ሦስት ቀን ሲቀረው ሆቴል ያለው አቶ ክንዱ አስጠራት።

«የቀሩትን ስድስቱን እኔ እችላለሁ» አላት። «ግን ደብዳቤው ደረቅ ነው። አንድ ቪዲዮ እንሥራ። አባቷ የሞተባት ልጅ አለች አሉ። እሷ ሆቴሉ በር ላይ ቆማ ችግሯን ትናገር። ካለቀሰችማ ሰው ይጋራዋል። እኔ ደግሞ ብሩን ስሰጣት እንቀረጽ።»

«ስምዎን ማልያው ላይ እንጽፋለን። ሆቴልዎ በር ላይ ቡድኑ በሙሉ ማልያ ለብሶ ፎቶ ይነሣልዎታል። ለቅሶው ግን ይቅር።»

«ማልያ ማን ያያል? እኔ ገንዘብ ነው የማወጣው።»

«ልጅቷ ኳስ ተጫዋች ናት፣ አቶ ክንዱ።»

«እንግዲያው በኳሷ ትሂድ» አለና ስልኩን አነሣ።

በቀሩት ቀናት ያላንኳኳችው በር የለም። ስምንቱን ብቻ ይዛ ለመሄድም አሰበች፤ ሰባት ተጫዋችና እሷ። ስድስቱን ልጆች ‹እናንተ ቅሩ› ማለት ግን አልሆነላትም፤ አንዷ ብትጎዳ፣ ሌላዋ ብትታመም ደግሞ ቡድኑ ሜዳ ላይ መፍረሱ ነው። ምዝገባው ተዘጋ።

በጻፈችው መሠረት ከቤት ቤት እየዞረች ገንዘቡን መለሰች። አቶ ገነነ ብሩን ሳይቆጥሩ ተቀብለው መሳቢያ ውስጥ ከተቱና «ያሳዝናል» አሉ።

ቅዳሜ ቡድኑን ሰብስባ የሆነውን ሁሉ ነገረቻቸው። ስለ ክንዱም ነገረቻቸው፤ ክብራቸውን እንደጠበቀችላቸው እንዲያውቁ ፈልጋ ነበር። ልጆቹ አቀረቀሩ። ትሕትና ብቻ ቀና ብላ ታያት ነበር።

«እኔን አልጠየቁኝም፣ ቲቸር።»

«ምኑን?»

«ላልቅስ አላልቅስ።» ድምጿ አልተነሣም። «ለአባቴ ስንቴ አልቅሻለሁ፤ በነጻ። ደሴ የሚያደርሰን ከሆነ አንድ ቀን ሆቴል በር ላይ ባለቅስ ምን ነበረበት? ልመና መሰለብኝ ብለው የሚያፍሩት እርስዎ ነዎት። እኔ ዘንድሮ እጨርሳለሁ። ሌላ ዓመት የለኝም።»

ክብር የሚለው ቃል ከቻይነሽ አፍ ደርሶ ተመለሰ። የማን ክብር እንደሆነ እርግጠኛ አልነበረችም።

ትሕትና ፈተናውን ተፈትና ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሄደች። ሱቅ ውስጥ ትሸጣለች ይባላል፤ ኳስ ትጫወት እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ከቡድኑ ሁለቱ ተዳሩ። ቻይነሽ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ መረቡን ትወጥራለች። አንዳንዴ ስድስት ልጆች ይመጣሉ፤ አንዳንዴ አራት። አራት ሲሆኑ ጉልበቷን በጨርቅ አስራ ራሷ ትገባለች።

ስለ ደብዳቤው የሚጠይቋት ሌሎች አሠልጣኞች አሉ። ግልባጩን ትሰጣቸዋለች። እንዴት እንደሚጻፍ አንድ በአንድ ታስረዳለች፣ ከዚያም «ልጆቹን አማክራችሁ ጻፉ» ትላለች። ለምን እንደሆነ ሲጠይቋት ግን መረቡን ልትወጥር ትነሣለች።