ባዶ ሣጥን የማትወደው ጸሐፊ

የክሊኒካችንን ጸሐፊ በስሟ የሚጠራት የለም። «እሜቴ ሠንጠረዥ» ነው የምንላት። ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነኝ፤ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነኝ፣ ጠረጴዛችን ፊት ለፊት ነው። መጀመሪያ ኮስተር ብላብኝ ነበር። በኋላ ግን ራሷም ስልክ ስታነሳ «ሠንጠረዥ ነኝ፣ ምን ልታዘዝ?» ማለት ጀመረች።

እሷ ከመምጣቷ በፊት ሥራችን በየወረቀቱ ተበትኖ ይቀር ነበር። ሥራ አስኪያጁ ደብተራቸው ዳር ላይ ይሞነጫጭራሉ፣ ዋና ነርሷ በመድኃኒት ካርቶን ቁራጭ ላይ ትጽፋለች፣ የተቀሩት ደግሞ በስልክ መልእክት ይልካሉ። ሰኞ በስብሰባ የተወሰነው ማክሰኞ የማንም አይሆንም። እሷ ይህን ሁሉ ትለቅማለች። ወሬውን ከሥራው ትለያለች፣ ሁለት ቦታ የተጻፈውን አንድ ታደርጋለች፣ ከዚያ አራት ዓምድ ባለው ሠንጠረዥ ታሰፍረዋለች፦ ሥራው፣ ባለቤቱ፣ የሚያልቅበት ቀን፣ የደረሰበት። ታትሞ ኮሪደሩ ላይ ይለጠፋል፣ ሥራውን ያዘገየም ስሙን እያየ ይሸማቀቃል። እውነት ለመናገር፣ መሥሪያ ቤቱን መሥሪያ ቤት ያደረገችው እሷ ናት።

አንድ አመል ግን ነበረባት፤ ባዶ ሣጥን አትወድም። ማስታወሻው ላይ ባለቤት ካልተጻፈ ገምታ ትሞላለች። ቀን ካልተባለም የወሩን መጨረሻ ትሰጠዋለች።

«ክፍት ሆኖ ሳየው ሥራዬን ያልጨረስኩ ይመስለኛል» ትለኝ ነበር።

እኔም እስቃለሁ። ምን ችግር አለው ብዬ ነበር።

የጽዳት ሠራተኛዋን ሁላችንም «እናታችን» ነው የምንላቸው። ጉልበታቸው ክፉኛ ያማቸዋል፣ ግን ቤት መዋልን እንደ በሽታ ነው የሚፈሩት። ባልዲ ይዘው የሚወጡበት የኋላው ደረጃ የእጅ መደገፊያ ብረቱ ከግድግዳው ተላቆ ይወዛወዝ ነበር። አንድ ሰኞ ስብሰባ ላይ ተነሥተው ተናገሩ።

«ልጆቼ፣ ያ ብረት አንድ ቀን ይዞኝ ይወርዳል። እኔ ደግሞ ከወደቅሁ አልነሣም።»

ሥራ አስኪያጁ «ይጠገናል እናታችን» አሉና ደብተራቸው ላይ «የኋላ ደረጃ ብረት» ብለው ጻፉ። ማን እንደሚጠግነው፣ መቼ እንደሚያልቅ አልተነሣም፤ ወደ ሌላ ጉዳይ ታለፈ።

እሜቴ ሠንጠረዥ ያቺን አጭር ማስታወሻ ስታገኝ ሦስት ሣጥን ባዶ ሆነባት። ባለቤት በሚለው ሥር «ጥገና ክፍል» ብላ ጻፈች። ቀኑን የወሩ መጨረሻ አደረገችው። በመጨረሻው ዓምድ «አልተጀመረም» ብትል አሮጊቷ ይከፋቸዋል ብላ «በሂደት ላይ» አለችው። ስታደርገው አይቻለሁ፤ ከልቧ አስባላቸው ነው።

ጥገና ክፍል ማለት ሁለት ሰው ነው፤ ኤሌክትሪክ ሠራተኛውና ቧንቧ ሠራተኛው። አንዱ ሌላው ይዞታል ብሎ አለፈው፣ ያኛውም እንዲሁ። ሥራ አስኪያጁ በየሰኞው ሠንጠረዡን ሲያነቡ «በሂደት ላይ» የሚለውን አይተው ወደሚቀጥለው ይሄዳሉ። ሁሉም ሣጥን ሞልቷልና ዓይን የሚይዝ ነገር አልነበረም።

እናታችን ግን ዋዛ አይደሉም። በየጠዋቱ ባልዲያቸውን በራችን ላይ ያስቀምጡና «ብረቴስ?» ይላሉ። አንድ ቀን እሜቴ ሠንጠረዥ ክንዳቸውን ይዛ ኮሪደሩ ላይ ወደተለጠፈው ሠንጠረዥ ወሰደቻቸው።

«ይኸው እናታችን፣ እዚህ ጋ ነው። ባለቤት አለው፣ ቀን አለው፣ ተጀምሯል።»

«እኔ ያለ መነጽር ምን አያለሁ? አንቺ ካልሽ ይበቃኛል» አሏት።

ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ተዉ። የወሩ መጨረሻ ሳይደርስ ብረቱ ከነብሎኑ ተነቅሎ ወጣ፣ እሳቸውም ከነባልዲያቸው ወረዱ። ዳሌያቸው ተሰበረ። ሐኪሙም ከእንግዲህ ሥራ እንደማይታሰብ ነገራቸው።

ማንም አልወቀሳትም፤ ይህም የባሰ ጎዳት መሰለኝ። አሁን ሠንጠረዧ ያስጠላል። ባለቤት ያልተገኘለት ሥራ ሣጥኑ ባዶ ሆኖ ቀይ ይቀባል። «ክፍል» ብሎ ባለቤት የለም፣ የአንድ ሰው ስም ነው የሚገባው፣ ከዚያ ሰው አፍ እሺታ እስኪወጣም ስብሰባው አይበተንም። «በሂደት ላይ» የምትለው ማን ምን እንደጀመረ በዓይኗ አይታ ነው። ዘንድሮ አንድም ሥራ አልጠፋብንም። እኔ ግን እያንዳንዱን ቀይ ሣጥን ባየሁ ቁጥር ምነው ያኔ አንዲት ብቻ በኖረች እላለሁ።

እናታችንን ልንጠይቅ ልጃቸው ቤት ሄድን። መስኮቱ ሥር ተኝተው ነበር። እሜቴ ሠንጠረዥ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ እጃቸውን ያዘችና ማልቀስ ጀመረች።

«ተይ እንጂ ልጄ» አሏት። «አንቺ ምን አጠፋሽ? ድሮ እኮ ያን ብረት አልነካውም ነበር፣ ግድግዳውን ተጠግቼ ነበር የምወጣው። ተጀምሯል ስትዪኝ ጊዜ ያጠበቁት መስሎኝ ተደገፍኩበት።»