ለአባቴ የጻፍኩት የመጨረሻው ዙር

ከተከራያችን ልጅ ስልክ ውስጥ ያ ድምፅ ሲወጣ፣ መጀመሪያ ረጋ ብሎ ጢት፣ ጢት እያለ፣ ከዚያ እየፈጠነ ሲሄድ፣ ልብስ እያጠብኩ ከሆነ እጄ ውሃው ውስጥ እንዳለ ማጠቤን አቆማለሁ። ልጁ ቦምብ የሚጠመድበትን ጨዋታ እየተጫወተ ነው፤ እኔ ግን የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ሆኜ አቃቂ፣ ጋሽ አወል ጌም ቤት ውስጥ፣ ከአባቴ አጠገብ አግዳሚ ላይ ተቀምጫለሁ።

አባቴ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሽመና ክፍል ሃያ ዓመት ሠርቶ በማሽኖቹ ጩኸት ጆሮው ደንቁሮ ነበር። እናታችን እኔ ነፍስ ሳላውቅ ስለሞተች ቤት ውስጥ የነበርነው እሱ፣ ታላቅ ወንድሜ ሚኪያስና እኔ ነበርን፤ ከአባቴ ጋር የምናወራውም በደብተር ነበር። እሱ በአፉ ይናገራል፣ እኛ ጽፈን እንመልሳለን። ሚኪያስ ሁለት መስመር ከሚጽፍ ራቱን ቢተው ይመርጥ ስለነበር፣ የእሱንም ጥፋት፣ የእሱንም ይቅርታ የምጽፈው እኔ ነበርኩ።

አሥራ ሁለት ዓመት በሞላኝ ክረምት ዝናቡ ከቤት አላስወጣ ሲል ሚኪያስ እጄን ይዞ፣ ጭቃውን እያዘለለ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ ወዳለው ጌም ቤት ይወስደኝ ነበር። አሥር ኮምፒውተሮች በሁለት ረድፍ ፊትና ጀርባ ተደርገው ተቀምጠው፣ ክፍሉ የሞቀ ፕላስቲክና የእርጥብ ሹራብ ሽታ ሞልቶት፣ ቆርቆሮው ላይ ዝናቡ ሲወርድ ልጆቹ ከዝናቡ በላይ ይጮሁ ነበር። ሚኪያስ አይጮህም ነበር። ሄድፎኑን በሁለት እጁ ጆሮው ላይ ጫን አድርጎ «ከግድግዳው ጀርባ ሁለት ሰው አለ፤ አንዱ እየሮጠ ነው» ይለኝና፣ እውነትም ሁለት ሰው ይወጣ ነበር። የሚያሸንፈው በጆሮው ነበር።

መስከረም ጠብቶ የሚኪያስ የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሲመጣ አላለፈም። አባቴ ብዙ አልተናገረም፤ ፋብሪካ ቦታ እንደለመነለት ብቻ ነገረን። ሚኪያስ ደጅ ጠርቶኝ «እዚያ ገብቼ እንደ እሱ ሆኜ አልወጣም» አለኝ። ይህንን አልጻፍኩትም።

በበጋው ጋሽ አወል ውድድር አወጡ። የስልጤ ሰው ናቸው፣ ለሰፈሩ ልጆች ከአባቶቻቸው ይልቅ የሚቀርቡ። ያሸነፈው ቡድን አለቃ ፒያሳ ባለው የወንድማቸው የኮምፒውተር ጥገና ቤት ገብቶ ሙያ እንደሚማር ቃል ሰጡ። ሚኪያስ የአንዱ ቡድን አለቃ ስለነበር ነገሩን ለአባቴ ጻፍኩለት። ሁለቴ አነበበውና «ያሸንፍ እንግዲህ። ካላሸነፈ በማግስቱ ሰኞ ከእኔ ጋር ፋብሪካ ይገባል» አለ።

ፍጻሜው በግንቦት ወር ውስጥ አንድ እሑድ ከሰዓት ነበር። ወላጆች ጌም ቤቱ ልጆቻችንን አበላሸ እያሉ ስላስቸገሯቸው፣ ጋሽ አወል ግድግዳው ላይ አንሶላ ሰቅለው፣ ፕሮጀክተር ተውሰው ወላጆቹን ጠሩ። እኔንም ጠርተው «አንቺ ልጅ፣ ለአባትሽ እንደምትጽፊው አድርገሽ ጻፊልኝ፤ በማይክ የማነበው እኔ ነኝ። እነዚህ ሰዎች ሲገባቸው ይተዉኛል» አሉኝ። ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ማንም ስለማያውቅ፣ ሊሆን ለሚችል ለእያንዳንዱ ነገር አንድ ገጽ ጻፍኩ፤ አንዱን ቅጂ ለጋሽ አወል ሰጥቼ አንዱን አባቴ ጉልበት ላይ አደረግኩ።

የመጀመሪያው ገጽ «አምስት ለአምስት ናቸው። አጥቂዎቹ አንድ ቦምብ ይዘው ከሁለት ቦታዎች በአንዱ ማጥመድ አለባቸው፤ ተከላካዮቹ ይከለክላሉ። የሞተ እስከሚቀጥለው ዙር አይነሳም» ይል ነበር። ቀድሞ አሥራ ስድስት ዙር ያሸነፈ ዋንጫውን ይወስዳል። አሥራ አምስት ለአሥራ አምስት ሲሆኑ ጭማሪ ዙሮች መጫወት ነበረባቸው፤ ጋሽ አወል ግን መብራት እንዳይሄድባቸው ፈርተው «አንድ ዙር፣ ይለይለት» አሉ፤ ወላጆቹ በሠላሳው ዙር ገጾቹን ሁሉ ስለሰሙ፣ ተጫዋቾቹ እንዳይረበሹ ብለው ማይኩን አጠፉ።

የሚኪያስ ቡድን ተከላካይ ነበር። አጥቂዎቹ ጭስ ወረወሩ፤ ገጹን ገለጥኩ፦ «ጭሱ የተከላካዩን ዓይን ለመጋረድ ነው። በጭስ ውስጥ የሚያልፈው አይታይም።» ከጭሱ የወጣው የመጀመሪያው አጥቂ አንድ ልጃችንን ገደለ፣ ሌላው ልጃችን ወዲያው ገዳዩን ገደለ፤ «ልውውጥ ይባላል፤ ጓደኛህ ሲወድቅ የጣለውን ሳይሸሽ ትጥለዋለህ» የሚለውን ገለጥኩ። እንዲህ እየተለዋወጡ ሄደው፣ ቦምቡ ሲጠመድ ሁለት አጥቂና ሚኪያስ ብቻ ቀሩ።

ያንን ገጽ ከሁሉም በላይ ደክሜበት ነበር። «ቦምቡ ሲጠመድ ሰዓቱ ከስክሪኑ ይጠፋል። በአርባ ሰከንድ ይፈነዳል፤ ተጫዋቹ የሚገምተው በድምፁ ፍጥነት ነው። ማክሸፍ አሥር ሰከንድ ይፈጃል፣ ፒንሳ ለያዘ አምስት። መሀል ላይ ከለቀቀ ከመጀመሪያው ይጀምራል።» ከሥሩ ለአባቴ ብቻ «አባዬ፣ አንተ በእጅ ሰዓትህ ቁጠር» ብዬ ጨምሬ ነበር። አባቴ ክንዱን አነሳ።

ሚኪያስ አንዱን በሩ ላይ ጣለው። ሌላው ሣጥን ጀርባ ተደብቋል፤ አንሶላው ላይ ለሁላችንም ይታየናል፣ ለሚኪያስ አይታየውም። ሚኪያስ ቦምቡ ጋ ደርሶ ፒንሳውን አስገባና ወዲያው ለቀቀ። ቀጣዩን ገጽ ገለጥኩ፦ «ፒንሳው ሲነካ ድምፅ አለው። ጎበዝ ተጫዋች ነክቶ ይለቃል፤ የተደበቀው ሰምቶ ሲወጣ ይመታዋል።» ሚኪያስ መሣሪያውን ደግኖ ጠበቀ። ማንም አልወጣም። እንደገና ነካ፣ እንደገና ለቀቀ፣ እንደገና ደግኖ ጠበቀ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲነካ ከሄድፎኑ የሚሾልከው ድምፅ መቆራረጡን ትቶ አንድ ጩኸት ሆኖ ነበር። ቦምቡ ፈነዳ።

ሣጥኑ ጀርባ የተደበቀው ተቃራኒ ልጅ፣ የቂሊንጦ ልጅ ነበር፣ በደስታ ከመዝለሉ በፊት ሄድፎኑን አውልቆ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ አይሰማም። ካለፈው ዙር ጀምሮ ዝም ብሏል» አለ። ከተደበቀበት ያልወጣው ምንም ስላልሰማ ነበር። ማታለያው ትክክል ነበር፣ ገጹም ትክክል ነበር፤ ከአባታችን ጋር አንድ ቤት ያደግን እኔና ሚኪያስ ግን የማይሰማ ሰው ሊኖር እንደሚችል አላሰብንም።

አባቴ ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ «ለምን ለቀቀው?» አለኝ። ተመቶ ነው ብዬ ብጽፍ ያምነኝ ነበር። እኔ ግን የተደበቀው ልጅ እንዲወጣለት ብሎ መሆኑን ጻፍኩ። አንብቦ፣ የራሱን ድምፅ የማይሰማ ሰው ስለሆነ ክፍሉን በሚሞላ ድምፅ «ለሁለተኛ ጊዜ ሲነካው ስምንት ሰከንድ ነበረው። አምስት ይበቃው ነበር» አለ። ወላጆቹ ሁሉ ዞሩ። በእኔ ገጾች ጨዋታው ገብቷቸው ስለነበር፣ ጥፋቱም ገባቸው። ሚኪያስ ፊቱን ከስክሪኑ አላዞረም፤ ጆሮዎቹ ግን ሲቀሉ ከኋላ አየሁ። ሰኞ ንጋት ላይ ሁለቱ ተከታትለው ከግቢ ወጡ።

አባቴ ካረፈ ቆይቷል። ሚኪያስ እዚያው ሽመና ክፍል ነው፤ ወደ ፒያሳ አልሄደም፣ ኮምፒውተርም አይነካም። የዛሬ ልጆች ይህንኑ ጨዋታ በስልካቸው ሲያዩ የጨዋታው አስተያየት ሰጪ በአማርኛ እየፈጠነ ያብራራላቸዋል፣ እኔም ሳላስበው አንዳንዴ ስህተቱን በሆዴ አርመዋለሁ። ያኔ ስጽፍ አንድ ሰው ተረድቶ ለሚኪያስ ልቡ እንዲራራ ተስፋ ነበረኝ። አሁን በየማታው ራት ላይ ደብተሩን ለሚኪያስ አቀርብለታለሁ፤ ዳቦ እንደተወደደ፣ ውሃ ነገ እንደማይመጣ፣ የተከራያችንን ልጅ እንዳሳለው እጽፍለታለሁ፣ አንብቦ ራሱን ይነቀንቃል። ከዚያ በላይ የምጽፍለት የለኝም።